የአቶ ሲራጅ መመደብና ተራ ቁጥር ሦስት

አቶ ፈቀደ ረቂቅ ይዘው ወደ ጠረጴዛዬ ሲመጡ ገና ከእርምጃቸው ይታወቃሉ። ወለሉን ማኅተም እንደሚመታ ሰው ነው የሚረግጡት። የአስተዳደር ክፍል ኃላፊ ስለነበሩ ማን አረፈደ፣ ማን ቀረ፣ ማን ያለፈቃድ ወጣ የሚለው ነገር ሁሉ በእሳቸው እጅ ነበር። እኔ የሥርጭት ክፍል ጸሐፊ ነበርኩ፤ ስሜ የሺዓለም ነው። እውነቱን ለመናገር ሰውዬውን አልወዳቸውም ነበር። እሳቸውም ሳያውቁት አልቀሩም፤ የሚተየብ ነገር ሲሰጡኝ ፊቴን ትተው መስኮቱን ነበር የሚያዩት።

ጊዜው ሰባ አንድ ዓመተ ምሕረት ነው። መሥሪያ ቤታችን ፒያሳ፣ ጣሊያን በሠራው ባለ ሰገነት ፎቅ ላይ ነበር። ቤቱ ከአብዮቱ በፊት የአንድ ነጋዴ ነበር፤ ከተወረሰ በኋላ ወረቀት፣ ደብተር፣ ካርቦንና ቀለም ለመንግሥት መሥሪያ ቤቶች የሚያከፋፍል ድርጅት ሆነ። እኛ የሥርጭት ክፍል የምንባለው ከየቦታው የሚመጣውን ጥያቄ ተቀብለን፣ ዕቃውን ከግምጃ ቤት አስወጥተን፣ በመኪና ጭነን የምንልከው ነን። ስድስት ሰዎች ነበርን፤ አንዱ ወንበር ሦስት እግር ብቻ ስለነበረው ግን ሁላችንም አንድ ላይ ተቀምጠን አናውቅም።

የዚያን ሰኞ ጠዋት አቶ ፈቀደ ረቂቁን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡና «ለነገ ይድረስ፤ በስቴንስል ተይቢውና ይባዛል» ብለው ሄዱ። አነበብኩት። ጉዳዩ፦ አዲስ የክፍል ኃላፊ መመደባቸውን ስለማሳወቅ። የሥርጭት ክፍል ኃላፊ የነበሩት ጓድ ወልደጊዮርጊስ በጡረታ ስለተገለሉ በቦታቸው ጓድ ሲራጅ ኡመር መመደባቸው ታውቆ፣ የክፍሉ ሠራተኞች ተገቢውን ትብብር ያደርጉላቸው ዘንድ፣ ይላል። ከዚያ ስለ ጓድ ሲራጅ ይዘረዝራል፤ የወሎ ተወላጅ መሆናቸውን፣ በግምጃ ቤት ለረጅም ዓመታት መሥራታቸውን፣ አንድም ዕቃ ጎድሎባቸው እንደማያውቅ። ከታች «ከዚህ ቀጥሎ የተመለከቱት የአሠራር ለውጦች ተፈጻሚ ይሆናሉ» የሚል መጣ።

ተራ ቁጥር አንድ፣ የዕቃ ጥያቄዎች የሚቀርቡት እስከ ሐሙስ ቀትር ብቻ ይሆናል። ተራ ቁጥር ሁለት፣ የዓመት ፈቃድ ጥያቄ በቅድሚያ በክፍሉ ኃላፊ ተፈርሞ ወደ አስተዳደር ይቀርባል። ተራ ቁጥር ሦስት፣ ማንኛውም የክፍሉ ሠራተኛ በሥራ ሰዓት ከመሥሪያ ቤቱ የሚወጣው ለዚሁ በተዘጋጀው ቅጽ ላይ የሚወጣበትን ምክንያትና የሚሄድበትን ቦታ ሞልቶ በክፍሉ ኃላፊና በአስተዳደር ሲፈቀድለት ብቻ ነው።

ሦስተኛውን ሳነብ ረቡዕን አሰብኩ።

ወንድሜ ገብረአብ ታስሮ ነበር። አራት ኪሎ የሳይንስ ተማሪ ሳለ ከመንገድ ነው የወሰዱት፤ ለምን እንደወሰዱት እስከ ዛሬ በቅጡ የነገረኝ ሰው የለም። እናቴ እግሯን ታማ ከአልጋ ስለማትወርድ ስንቅ የማደርስለት እኔ ነበርኩ። እሱ በነበረበት እስር ቤት ምግብ የሚቀበሉት ረቡዕ ጠዋት ነው። ያን ጊዜ ስንቅ ማለት ምግብ ብቻ አልነበረም። ሰውን ማየት አይፈቀድም፤ ደብዳቤ የለም። በር ላይ ምሳ ዕቃውን ትሰጫለሽ፣ ያለፈው ሳምንት ባዶውን ይመልሱልሻል። ባዶው ከተመለሰ ሰውሽ አለ ማለት ነው። «ውሰጂው፣ ከእንግዲህ አታምጪ» ካሉሽ ደግሞ ያለቀ ነገር ነው። ውስጥ ላለውም እንደዚያው ነው፤ ስንቁ ከቀረ ቤተሰቤ ምን ሆነ ብሎ ሳምንቱን ሙሉ ይቃጠላል። ስለዚህ ረቡዕ ለእኔ እንደ ሌላው ቀን አልነበረም።

አቶ ወልደጊዮርጊስ ይህን ያውቁ ነበር። እንዴት እንዳወቁ አላውቅም፤ እኔ አልነገርኳቸውም፣ እሳቸውም አልጠየቁኝም። ብቻ ረቡዕ ረቡዕ ጠዋት ክፍሉ ሁሉ እስኪሰማ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው «የሺዓለም፣ ይቺን ፖስታ ቶሎ አድርሺልኝ» ይሉኛል። ፖስታው ውስጥ ምንም የለም። እኔም ባዶውን ፖስታ ቦርሳዬ ውስጥ፣ ምሳ ዕቃውን ዘንቢል ውስጥ ይዤ ቁልቁል በቸርችል ጎዳና እከንፋለሁ። ጡረታ ሊወጡ ሲሉ ሰገነቱ ላይ ጠርተውኝ፣ «ለሚመጣው ሰው ቁልፉንና ማኅተሙን አስረክቤያለሁ። ይህን ግን እኔ አላስረክብም፤ የሰው ነፍስ ነው። ሰውዬውን እዪና ራስሽ ንገሪው፤ ካላመንሽው ተይው» አሉኝ። እግዚአብሔር ነፍሳቸውን ይማር፤ እንደሳቸው ያለ አለቃ ደግሜ አገኛለሁ ብዬ አላሰብኩም ነበር።

እና አሁን ቅጽ ሊመጣ ነው። ምክንያት የሚለው ላይ ምን ልጻፍ? የታሰረ ወንድም አለኝ ብዬ ብጽፍ በማግስቱ ስሜ በሠራተኛው የፖለቲካ ውይይት ክበብ ይነሳል፤ የፀረ አብዮተኛ እኅት ተብዬ እንጀራዬም ይቀራል። ታመምኩ ብዬ ብጽፍ በየሳምንቱ ረቡዕ የሚነሳ በሽታ ሐኪም ቤት ያስልካል። በውሸት ሌላ ቦታ ብጽፍ አቶ ፈቀደ ስልክ አንስተው የሚጠይቁ ሰው ናቸው። ነገ ማክሰኞ ማስታወቂያው ይለጠፋል፤ ከነገ ወዲያ ረቡዕ ነው።

ከጎኔ የምትቀመጠው ነጂባ ፊቴን አይታ «ምነው፣ ደመወዝ ቀነሱብን እንዴ?» አለችኝ። የመርካቶ ልጅ ናት፤ ፒያሳ ውላ ምላሷ ይበልጥ ስሏል።

«አዲሱ አለቃ መጡ» አልኳት።

«ሲራጅ? እኔ አውቃቸዋለሁ፤ እርሳስ ሲሰጡሽ እንኳ ርዝመቱን ለክተው ነው። በቃ፣ ከእንግዲህ ስናስነጥስም አስፈርመን ነው።»

መሳቅ ነበረብኝ፤ አልሳቅኩም።

ከቀትር በኋላ አቶ ሲራጅ ከምድር ቤት ከግምጃ ቤቱ ወደ እኛ ወጡ። ቀጠን ያሉ፣ ፂማቸውን አጠር አድርገው የሚያስተካክሉ ሰው ናቸው፤ ካኪ ኮታቸው ላይ ሁልጊዜ የካርቶን ብናኝ አይጠፋም። ሰላምታ ሰጥተው ቀጥታ ወደ እኔ መጡና «ስለ እኔ የሚወጣው ማስታወቂያ ካንቺ ዘንድ ነው አሉኝ። ላየው እችላለሁ?» አሉ።

ሰጠኋቸው። ቆመው አነበቡት። «ስለ እኔ የገጹን ግማሽ ነው የጻፉት» አሉ። «እናንተን የሚነካው ግን ሦስት መስመር ነው። ይህ ከመተየቡ በፊት የክፍሉ ሰዎች ይስሙት። ከሰሌዳ ላይ ሊያነቡት አይገባም፤ ከእኔ አፍ ይስሙት።»

እንዲህ ያለ ነገር አይተን አናውቅም ነበር። ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ይለጠፋል፣ እናነባለን፣ እናጉረመርማለን፣ ወደ ሥራችን እንመለሳለን። እሳቸው ግን ባለሦስት እግሩን ወንበር ይዘው፣ ግድግዳውን አስደግፈው ተቀመጡና ረቂቁን ቀስ ብለው አነበቡልን። ስለ ራሳቸው የተጻፈው ጋ ሲደርሱ ዘለሉት።

«ደመወዛችሁም ደረጃችሁም አይነካም፤ ይህን ማስታወቂያው አልጻፈውም፣ ይጻፍ እላለሁ» አሉ። «ተራ ቁጥር አንድ። ጥያቄ እስከ ሐሙስ ቀትር ያልኩት እኔ ነኝ። ምክንያቴ፣ መኪናው የሚወጣው ሰኞ ነው፤ ግምጃ ቤት ዕቃውን ለመቁጠርና ለማሰር ጊዜ ይፈልጋል። እስከ ዛሬ ቅዳሜ ማታ ተጣድፈን ስንጭን ነው ዕቃው የሚሳሳተው። የሚያስቸግራችሁ ነገር አለ?»

 አዲስ አለቃ የሚያስቸግራችሁ አለ ወይ ሲል መልሱ የለም ነው። ነጂባ ግን አልቻለችም። «አቶ ሲራጅ፣ ከክፍለ ሀገር የሚመጣው ደብዳቤ በፖስታ የሚደርሰን ሐሙስ ከሰዓት ነው። ሐሙስ ቀትር ከዘጋን ክፍለ ሀገሩ ሁሉ ሳምንት ያድራል» አለች። ተናግራ ስትጨርስ የፈራች መሰለች።

አቶ ሲራጅ ከኮታቸው ኪስ እርሳስ አወጡ። «እኔ ምድር ቤት ሆኜ የማየው የሚወጣውን ዕቃ ብቻ ነው፤ የሚገባውን ደብዳቤ አላየሁም» አሉና ሐሙስ የሚለውን ሰርዘው ዓርብ ብለው ጻፉበት። እፊታችን ነው የጻፉት። ነጂባ ዞር ብላ አየችኝ።

ከዚያ ረቂቁን ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡ። «አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። አቶ ወልደጊዮርጊስ ያስረከቡኝን ሁሉ ፈርሜ ተረክቤያለሁ። ግን እንዲህ ባለ ሥራ ላይ ብዙ የቆየ ሰው ያልተጻፈ ነገርም ይኖረዋል። ለናንተ ያደርጉላችሁ የነበረ፣ እኔ ሳላውቅ የማፈርሰው ነገር ካለ ንገሩኝ። እዚህ ሰው ፊት ካልሆነ ብቻዬን ስሆን ንገሩኝ።»

ሁሉም ወደ ጠረጴዛው አጎነበሰ። እኔም ጫማዬን እያየሁ ነበር። ያን ጊዜ ሰው ለጎረቤቱም ለወንድሙም ሲናገር ግራና ቀኝ አይቶ ነው፤ ብቻዬን ስሆን ንገሩኝ የሚል ሰው ደግሞ ይበልጥ ያስፈራል። ደግነቱ እውነት ይሁን ወጥመድ በምን ይታወቃል? ፊታቸውን ሳየው ክፋት አላየሁበትም። ግን በዚያ ዘመን ክፋት ሁሉ በፊት ላይ አይጻፍም ነበር።

ስብሰባው አለቀና ሁሉም ወደ ሥራው ተመለሰ። እኔ ስቴንስሉን፣ ያንን ሰም የተቀባ ማባዣ ወረቀት፣ የጽሕፈት መኪናው ላይ አስገብቼ መተየብ ጀመርኩ። ርእሱን ተየብኩ። መመደባቸውን ተየብኩ። ደመወዝና ደረጃ እንደማይነካ የሚለውን አዲስ አንቀጽ ተየብኩ። ተራ ቁጥር አንድን፣ ዓርብ ብዬ። ተራ ቁጥር ሁለትን። ተራ ቁጥር ሦስት ብዬ ነጥቡን አኖርኩና ጣቶቼ እምቢ አሉ። በገዛ እጄ የወንድሜን በር ልዘጋ ነው። ስቴንስል ላይ አንዴ ፊደሉ ከበሳ በኋላ በቀይ ቀለም ታርሚዋለሽ እንጂ እንደ ነበረ አይመለስም።

አቶ ሲራጅ ጥግ ላይ በአቶ ወልደጊዮርጊስ ጠረጴዛ መሳቢያዎቹን ያዩ ነበር። የመኪናው ድምፅ ሲቋረጥ ቀና አሉ። ሌሎቹ ለሻይ ወርደዋል። ነጂባ ብቻ ስልክ ላይ ከአንድ መሥሪያ ቤት ጋር ትጨቃጨቃለች።

ተነሥቼ ሄድኩ። ሰዓቱ ይሁን የነጂባ ዓርብ፣ ምን እንዳደፋፈረኝ አላውቅም። «አቶ ሲራጅ፣ ተራ ቁጥር ሦስት ላይ ያለውን ቅጽ እኔ መሙላት አልችልም» አልኳቸው። 

«የትኛውን?»

«ምክንያት የሚለውን።»

እርሳሳቸውን አስቀመጡ። አላዩኝም፤ ረቂቁን ነበር የሚያዩት። «ምክንያቱን አትንገሪኝ» አሉ ቀስ ብለው። «እኔ የማላውቀውን ማንም ሊጠይቀኝ አይችልም። ቀኑን ብቻ ንገሪኝ።»

«ረቡዕ ጠዋት።»

«በየሳምንቱ?»

«በየሳምንቱ።»

ረቡዕ ጠዋት፣ በየሳምንቱ፣ ምክንያቱ የማይጻፍ። በዚያ ዘመን አዲስ አበባ ላይ ለሚኖር ሰው ከዚህ በላይ መንገር አያስፈልግም ነበር። ፊታቸው ላይ የገባቸው መሆኑን አየሁ። እንባዬ መጣ፤ ወደ ውስጥ መለስኩት።

«ለአንቺ ብቻ ፈቃድ ብሰጥ» አሉ፣ «ነገ ሌላው ለምን እሷ ይላል። ለምን እሷ ከተባለ ፍለጋ ይመጣል። ስለዚህ ለአንቺ ብቻ መሆን የለበትም።» ረቂቁን አዙረው በጀርባው መጻፍ ጀመሩ። ጽፈው ሰረዙ፣ ደግመው ጻፉ። የዕቃ ዝርዝር እንደሚጽፉ ነው የሚጽፉት፤ ቃል አያባክኑም። ሲጨርሱ አሳዩኝ። ማንኛውም ሠራተኛ በሳምንት አንድ ግማሽ ቀን ለግል ጉዳዩ መውጣት ይችላል። የሚወጣበትን ቀን አስቀድሞ ለክፍሉ ኃላፊ ያስታውቃል፤ ሥራውን የሚሸፍንለትን የሥራ ባልደረባ ስም ያቀርባል፤ ያልሠራበትን ሰዓት በዚያው ሳምንት ከሥራ ሰዓት ውጭ ያካክሳል። የሚወጣበት ምክንያት አይጠየቅም።

የመጨረሻዋን መስመር ሁለት ጊዜ አነበብኳት።

«አቶ ፈቀደ አይቀበሉትም» አልኳቸው። «ቅጹን ያወጡት እሳቸው ናቸው።»

«ላስታውቅ የምችለው ሲፈርሙልኝ ነው፤ ስለዚህ እጠይቃቸዋለሁ» ብለው ተነሡ። «ስቴንስሉን እንዳትቀጥዪ።»

ወደ ታችኛው ፎቅ ወረዱ። እኔ ግማሽ የተተየበውን ስቴንስል እያየሁ ተቀመጥኩ። ነጂባ ስልኩን ዘግታ «ምን አጠፋሽ?» አለችኝ፤ ምንም አልኳት።  አቶ ሲራጅ አይናገሩብኝም፣ እሺ። አቶ ፈቀደ ግን ይህን ማን አመጣው ብለው ቢጠይቁስ? ገና ወንበሩ ያልሞቀላቸው ሰው ለእኔ ብለው ከአስተዳደር ኃላፊ ጋር ሊጋጩ ነው። ያ ሁሉ ጭንቀት በላዬ ላይ ሲወርድ እግዚኦ ከማለት በቀር ምንም አላደረግኩም።

የአቶ ፈቀደን እርምጃ ደረጃው ላይ ሰማሁ። ሁለቱም መጡ። አቶ ፈቀደ ረቂቁን በእጃቸው ይዘው ጠረጴዛዬ ፊት ቆሙ፤ እንደ ወትሮአቸው መስኮቱን ያያሉ።

«ይህን አንብቤዋለሁ» አሉ። «በዚህ መልኩ ሊወጣ አይችልም።»

እጄን ከስቴንስሉ ላይ አነሣሁ።

«ለሥርጭት ክፍል ብቻ ከሆነ የሒሳብ ክፍልም መዝገብ ቤትም ያጉረመርማሉ። አንዱ ክፍል የሚወጣበት፣ ሌላው የማይወጣበት አሠራር የለም።» ብዕራቸውን አወጡና ጠረጴዛዬ ላይ ጎንበስ ብለው ጻፉ፤ ለመሥሪያ ቤቱ ሠራተኞች በሙሉ። «ይህ ለብቻው ሌላ ማስታወቂያ ይሆናል። ዋናውን ሥራ አስኪያጅ አሁኑኑ ሄጄ አስፈርማለሁ። በሲራጅ ማስታወቂያ ላይ ተራ ቁጥር ሦስት፣ በሥራ ሰዓት ስለመውጣት በዛሬው ቀን የወጣው ማስታወቂያ ተፈጻሚ ይሆናል ብለሽ ተይቢ። ቅጹ ቀርቷል።»

አቶ ሲራጅም የገረማቸው መሰለኝ። «ሁለት ስቴንስል ሊሆንባት ነው» አሉ።

«ትተይበዋ» አሉ አቶ ፈቀደ፣ ወጡም።

ተየብኩ። እንደዚያን ቀን በደስታ ተይቤ አላውቅም። አብዮታዊት እናት ሀገር ወይም ሞት የሚለውን መዝጊያ እንኳ በደስታ ነው የተየብኩት፤ እግዜር ይቅር ይበለኝ። ነጂባ የማባዣውን መኪና እጀታ እያዞረች፣ ገጾቹ ሲወጡ አንዱን አንሥታ አነበበች። ከዚያ ሳትቀልድ፣ «ረቡዕ ጠዋት ያንቺን ሥራ እኔ እሸፍናለሁ። የምተይበው በሁለት ጣት ነው፤ እንደምንም ይሆናል» አለችኝ። ረቡዕ ብዬ አልነገርኳትም። ለካስ ከጎኔ ተቀምጣ ስታላግጥ የኖረችው ሁሉን እያወቀች ነው።

ወደ ቤቴ ከመሄዴ በፊት አቶ ሲራጅ ጋ ሄድኩ። «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» አልኳቸው። 

«አሚን» አሉ። «ሥራሽን አስቀድመሽ ጨርሺ፤ ሌላው ችግር የለም።» እሳቸው የታሰረ ሰው አልነበራቸውም፤ ይህን በኋላ ነው ያወቅኩት። ለዚህ ነው ይበልጥ የማመሰግናቸው። የራሱ እሳት ሳይነካው የሰው እሳት የሚሰማው ሰው ብዙ አይደለም።

ረቡዕ ነጋ። ጾም ስለሆነ ሽሮና ምስር ሠርቼ፣ ምሳ ዕቃውን በጨርቅ አስሬ፣ በዘንቢል ይዤ ወረድኩ። ለመጀመሪያ ጊዜ በመንገዱ ላይ ወደ ኋላዬ አላየሁም። በሩ ጋ ስደርስ ሰልፉ እንደ ወትሮው ከግንቡ ጎን ተዘርግቷል። እናቶች ይበዛሉ፤ እዚያ ማንም ማንንም አያናግርም። ተራዬን ይዤ ቆምኩ።

ከፊቴ አንድ ረጅም ሰው ኮሌታቸውን አንሥተው ቆመዋል። የያዙት ምሳ ዕቃ በጨርቅ አልታሰረም፤ ስምም የለበትም። አያያዛቸው ራሱ ለመጀመሪያ ጊዜ የመጡ መሆናቸውን ይናገራል። እንዲህ ሆኖ እንደማይቀበሉ ማን በነገራቸው ብዬ ሳስብ ዞር አሉ።

አቶ ፈቀደ ነበሩ።

 ዘንቢሌን ከኋላዬ ልሸሽግ ሞከርኩ፤ ከዚያ እሳቸውም የያዙት ያንኑ መሆኑ ገባኝ። ተያየን። በዚያ ሁሉ ዓመት ፊቴን ቀጥ ብለው ሲያዩኝ ያ የመጀመሪያው ነበር። ፊታቸው ያልተኛ ሰው ፊት ነው።

«ልጄ ናት» አሉ፣ ሳልጠይቃቸው። «እናቷ ነበረች የምታመጣላት። ካለፈው ሳምንት ጀምሮ ተኝታብኛለች፤ ባለፈው ረቡዕ ምንም አልደረሳት።» ምሳ ዕቃውን ወደ ደረታቸው አስጠጉት። «ያንን ቅጽ ያዘጋጀሁት እኔ ነኝ። ሳዘጋጀው ቀላል ነበር። ከዚያ እኔ ራሴ ምን ብዬ እንደምሞላው ሳስብ ነው ሲራጅ የመጣው።»

ስንት ጊዜ በልቤ የረገምኳቸው ሰው ናቸው። እዚያ ቆመው ምሳ ዕቃውን እንደ ሕፃን በሁለት እጃቸው ደረታቸው ላይ ይዘው ሳያቸው የጠላሁበት ነገር ሁሉ ከየት እንደመጣ ጠፋኝ። «አቶ ፈቀደ፣ እንዲህ ሆኖ አይቀበሉም» አልኳቸው። «ስም ያስፈልገዋል። ክዳኑም መታሰር አለበት፤ አለበለዚያ ይመልሱታል።» ከቦርሳዬ ፕላስተር አወጣሁ፤ ለራሴ የምይዘው ነው። ቆረጥኩና ክዳኑ ላይ ለጠፍኩት። እስክሪብቶዬን ይዤ «ማን ልበል?» አልኳቸው።

 ያ የሁላችንን ስም በየቀኑ የሚጠራ አንደበት የልጁን ስም መጥራት አቃተው። እስክሪብቶውን ክዳኑ ላይ እንዳደረግኩ ጠበቅኩ።

«ሶስና» አሉ በመጨረሻ። «ሶስና ፈቀደ።»

ጻፍኩት። የራሴን ሻርፕ ፈትቼ ምሳ ዕቃውን አሰርኩላቸው።

ተራችን ደረሰ። ጠባቂው የሁለታችንንም ተቀበለና በሩን ዘጋው። ከዚህ በኋላ ያለው መጠበቅ ነው፤ ይህንንም ነገርኳቸው። አሁን ጠባቂዎቹ ያለፈውን ባዶ ይዘው ይወጣሉ፣ ስም ሲጠሩ እርስዎ አቤት ይላሉ። ሰምተው ራሳቸውን ነቀነቁ። እንደ ተማሪ በትኩረት ነበር የሚሰሙኝ። ፀሐዩ ጠነከረ። ስም መጠራት ተጀመረ፤ የአንዲት እናት፣ የሌላ፣ ከዚያ ገብረአብ ተባለ። ባዶዬን ተቀበልኩ፤ አለ፤ ተመስገን። ለወትሮው ባዶዬን ይዤ ወዲያው እሮጣለሁ። የዚያን ቀን ግን ቆምኩ።

ብዙ ስሞች ተጠሩ። አቶ ፈቀደ ከንፈራቸው ደርቋል። ሰልፉ እየሳሳ ሄደ።

«ሶስና ፈቀደ» አለ ጠባቂው።

አቤት ማለቱ ጠፋቸው። «አቤት» ያልኩት እኔ ነኝ። ገፋ አደረግኳቸውና ሄደው ተቀበሉ። እናቷ ከዚያ በፊት ያመጣችላት ምሳ ዕቃ ነው። ክዳኑን ከፈቱና አዩት፤ ደግመው አዩት። «ታጥቧል» አሉ።

«እስረኞቹ ራሳቸው ናቸው የሚያጥቡት» አልኳቸው። «እሷ ናት ያጠበችው።»

እዚያው መንገድ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። አለቀሱ። ሰው ያየኛል አላሉም፤ ሰውም አላያቸውም፤ እዚያ በር ላይ እንባ የሚያይ ሰው የለም። አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ሲበቃቸው በመሐረባቸው ፊታቸውን ጠረጉና ምሳ ዕቃውን ክዳኑን ገጥመው ያዙት።

ቸርችል ጎዳናን አብረን ወጣን። ፖስታ ቤቱን ካለፍን በኋላ «ያቺን ምክንያት አይጠየቅም የምትለዋን መስመር የጻፈው ሲራጅ ነው አይደል?» አሉኝ።

«እሳቸው ናቸው» አልኩ።

ቢሮ ስንደርስ ወደ ክፍላቸው ይገባሉ ብዬ ጠብቄ ነበር። አልገቡም። ከእኔ ጋር እስከ ላይ ወጡ። ነጂባ በሁለት ጣቷ ስትተይብ ቀና ብላ አየችንና ጣቶቿ ቆሙ። አቶ ፈቀደ ወደ አቶ ሲራጅ ጠረጴዛ ሄደው ፊታቸው ቆሙ። አቶ ሲራጅ ብድግ አሉ። 

«ማስታወቂያው ላይ የሚታረም ነገር ተገኘ እንዴ?» አሉ አቶ ሲራጅ።

አቶ ፈቀደ ባዶውን ምሳ ዕቃ ጠረጴዛው ላይ አኖሩና የአቶ ሲራጅን እጅ በሁለት እጃቸው ያዙ። «የለም» አሉ። «አንድም ቃል እንዳትነካ።»